ቃል የሌለው ስክሪንሾት፦ ከእህቴ የበርበሬ ሥራ የተያዘ የአንድ ወር ማስታወሻ

ኅዳር 2

እህቴ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም በቴሌግራም ትሸጣለች። ዝግጅቱም ማሸጉም ቤታችን ጓሮ ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ መልእክት በመመለስ አግዛታለሁ። ይህን ደብተር ያስጀመረኝ ዛሬ የገጠመን ነገር ነው።

ጠዋት አንዲት ደንበኛ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከችልን። 1,950 ብር ይላል። ሌላ ምንም አልጻፈችም፤ ሰላምታም የለም። የእኛ ሁለት ኪሎ በርበሬ 1,800 ነው፣ መላኪያው 150። ልክ ይመጣል። እህቴ ወዲያው ሁለት ኪሎ አሸገችና በሞተር ለሚያደርስልን ልጅ ሰጠችው።

ማታ ደንበኛዋ ደወለች። "ይኼን ሌላ በርበሬ ምን ላድርገው? እኔ እኮ የከፈልኩት የት ደረሰ ለማለት ነው የላኩላችሁ" አለች። የከፈለችው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። የመጀመሪያው ጥቅል ለካ ከግቢው ዘበኛ ቤት ተቀምጦ ኖሯል። እሷ አላወቀችም፣ እኛም ደርሷል ብለን ረስተነዋል። እኛ ጋ የመጣው ጥያቄ ነበር። እኛ ያነበብነው ግን ትእዛዝ ነው።

እህቴ አዝናለች። "ደረሰኝ ሲመጣ ክፍያ ነው፣ ሌላ ምን ብዬ ላስብ?" ትላለች። አልፈርድባትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። "አብዛኛውን ጊዜ" የሚለው ስንት እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም። እሱን ለመቁጠር ወሰንኩ።

ኅዳር 3

ዛሬ ያቺኑ ደረሰኝ ደጋግሜ ሳያት ዋልኩ። ከስሯ ቃል ስለሌለ ብቻ ነው የተሳሳትነው? በከፊል አዎ። ዋናው ምክንያት ግን ስክሪንሾት በራሱ ምን እንደሚይዝ ነው። ስክሪንሾት ነገሩ አሁን ያለበትን ሁኔታ ያሳያል። ሰውየው ከዚያ ሁኔታ ተነስቶ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ አያሳይም። ፍላጎት ደግሞ ያለው ከሥዕሉ በኋላ ባለው እርምጃ ላይ ነው።

መገናኛ ታክሲ ተራ ቆሞ የተነሳ ሰው ፎቶ ቢሰጠኝ ወደ ቦሌ ይሁን፣ ወደ ካዛንቺስ ይሁን፣ ወደ ኮተቤ ይሁን መናገር አልችልም። ፎቶው ደብዝዞ አይደለም። የሁሉም መንገደኛ እግር እዚያች ቦታ ላይ ስለሚያልፍ ነው። የክፍያ ደረሰኝም እንደዚያው ነው። የከፈለ ሰው ሁሉ በእሱ ገጽ ላይ ያልፋል። "ላኩልኝ" የሚለውም፣ "የት ደረሰ" የሚለውም፣ "ሁለቴ ተቆርጦብኛል፣ መልሱልኝ" የሚለውም የሚያነሳው ያንኑ ገጽ ነው።

ስለዚህ ለደረሰኝ ሦስት ሐሳብ ጻፍኩ።

ሀ፦ ከፍያለሁ፣ ላኩልኝ።
ለ፦ ከከፈልኩ ቆይቻለሁ፣ ዕቃዬ የት ደረሰ?
ሐ፦ ክፍያው ላይ ስሕተት አለ፣ አስተካክሉልኝ።

ከስር አንድ ባዶ መስመር ተውኩ፤ ላላሰብኩት ሐሳብ።

ደብተሩን በአምድ ከፈልኩት። መልእክቱ የደረሰበት ሰዓት። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሰዓት። የትኛው ገጽ እንደሆነ። ተቆርጧል ወይስ ሙሉ ነው። ቀይ ክብ ወይም ምልክት ተደርጎበታል ወይ። ከዚያ ደንበኛ ጋር የመጨረሻ የተባባልነው ነገር። የእህቴ የመጀመሪያ ግምትና ሁለተኛ ግምት። በመጨረሻ እውነቱ።

አንድ ነገር ላይ ጸናሁ። ግምቱ የሚጻፈው መልሱ ከመታወቁ በፊት ነው። እውነቱን ካወቅን በኋላ "እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር" ማለት ቀላል ነው፣ እንደዚያ የተሞላ ደብተርም አይጠቅመንም። እህቴ መጀመሪያ ላይ ሥራ አበዛህብኝ ብላ ነበር። ሆኖም ለእያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጅባት።

ኅዳር 9

አንድ ሳምንት ሞላው። ገና ብዙ ቁጥር የለኝም። ግን አንድ ነገር ገብቶኛል፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ይመስለኛል።

እህቴ ስትገምት የምታየው አረንጓዴዋን ምልክትና የብሩን መጠን ነው። እነሱ ናቸው ጎልተው የሚታዩት። ችግሩ ሁለቱም በሦስቱም ሐሳብ ሥር አንድ ዓይነት ናቸው። ላኩልኝ ያለውም 1,950 ከፍሏል፣ የት ደረሰ ያለውም 1,950 ከፍሏል። ስለዚህ አረንጓዴው ምልክት መከፈሉን እንጂ ለምን እንደተላከልን አይነግረንም። ዓይን የሚስበው ነገር ምንም አይለይልንም።

አሁን በእያንዳንዱ ፍንጭ ላይ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ "ሐሳቡ ሌላኛው ቢሆን ኖሮስ ይሄ ነገር እንዲሁ ይታይ ነበር?" መልሱ አዎ ከሆነ ፍንጩን እንተወዋለን። አይ ከሆነ እንይዘዋለን።

በዚህ ስናጣራ የተረፉት የሚገርሙ ናቸው። ሁሉም ከሥዕሉ ጠርዝ ወይም ከሥዕሉ ውጭ ናቸው።

የመጀመሪያው የገጹ ዓይነት ነው። ሰው ከፍሎ ሲጨርስ ወዲያው የሚመጣ የማረጋገጫ ገጽ አለ፤ ትልቅ ምልክት፣ "ተሳክቷል" የሚል ቃል። ሌላው ያለፉ ክፍያዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በራሱ አይመጣም። ሰውየው መተግበሪያውን እንደገና ከፍቶ፣ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ፈልጎ ያገኘ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ የሚያሳስበው ነገር አለ።

ሁለተኛው አቆራረጡ ነው። ስክሪንሾት ማንሳት ሁለት ቁልፍ መጫን ነው፣ መቁረጥ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። የቆረጠ ሰው "ጉዳዩ ይሄ ነው፣ ሌላውን ተዉት" እያለ ነው። ቃል ባይጽፍም በመቀስ ተናግሯል።

ሦስተኛው በሥዕሉ ሰዓትና መልእክቱ በደረሰበት ሰዓት መካከል ያለው ርቀት ነው። አሁን የከፈለ በደቂቃዎች ውስጥ ይልካል። የቆየ ደረሰኝ ዛሬ ከተላከ ሌላ ጉዳይ አለ ማለት ነው። ይሄኛውን በጣም ወድጄዋለሁ።

ኅዳር 12

በጣም የወደድኩት ፍንጭ ዛሬ አሳሳተኝ።

ጠዋት 3 ሰዓት ከ20 ላይ ሙሉ ስክሪንሾት ደረሰኝ። የስልኩ ሰዓት ከላይ በኩል 3:14 ይላል። የስልኮች ሰዓት የፈረንጅ ነው ብዬ 3:14ን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ14 አድርጌ ወሰድኩት። በዚያን ሰዓት የተነሳ ሥዕል አሁን ከተላከ ስድስት ሰዓት ቆይቷል፣ ስለዚህ ይህ "የት ደረሰ" ነው አልኩ። ለደንበኛው "ዕቃዎ መንገድ ላይ ነው" ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ገና አሁን መክፈሉ ነበር። ምንም ዕቃ አልወጣም። ሰውየው ደነገጠ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ስልኩን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው የሞላው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ በተለይ ታላላቆቻችን። 3:14 ማለት ለእሱ ጠዋት 3 ሰዓት ከ14 ነው። ከስድስት ደቂቃ በፊት!

እንዴት ማወቅ ይቻል ነበር? ደረሰኙ ውስጥ ራሱ የግብይቱ ሰዓት አለ፣ 09:14 ይላል። ያንን የሚጽፈው ባንኩ ነው፣ ስልኩ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ስድስት ሰዓት ከሆነ፣ ስልኩ በሐበሻ ሰዓት ተሞልቷል ማለት ነው። ከእንግዲህ የስልኩን ሰዓት ከማመኔ በፊት ከገጹ ሰዓት ጋር አስተያየዋለሁ።

ለቀኑም እንዲሁ መላ አለ። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ በFT የሚጀምር የግብይት ቁጥር አለ። ከFT ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጁ ዓመት ናቸው። ከዚያ የሚከተሉት ሦስቱ ከዓመቱ መጀመሪያ የተቆጠረው ቀን ናቸው። የዛሬው FT25325 ብሎ ይጀምራል፤ የ2025 ሦስት መቶ ሃያ አምስተኛ ቀን፣ ማለትም የዛሬዋ ኅዳር 12። ሰውየው ቀኑን ቆርጦ ቢያወጣው እንኳ ቁጥሩ ከቀረ ቀኑን አገኘዋለሁ።

ኅዳር 16

ትናንት የነቢያት ጾም ገባ። ደብተሬም ተገለበጠ።

ደረሰኝ ብቻ አይደለም የሚላክልን። የራሳችንን ቻናል የዕቃ ፎቶ ስክሪንሾት አንስተው ያለ ቃል የሚልኩም አሉ። ለምሳሌ የሽሮውን። ሐሳቡ ብዙ ሊሆን ይችላል፦ ዋጋው ስንት ነው፣ አለ ወይ፣ ላኩልኝ፣ ወይም ባለፈው የወሰድኩት ይሄ ነበር ወይ። እስከ ኅዳር 14 ድረስ ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ የዋጋ ጥያቄ ሆነው ተገኙ። በትናንትናና በዛሬ የመጡት ዘጠኝ የሽሮ ሥዕሎች ውስጥ ግን ሰባቱ "አለ?" ነበሩ። ሰዉ ጾም ስለገባ ሊገዛ ወስኗል። የሚፈራው አልቋል እንዳይባል ነው።

ስለዚህ ያለፈው ሳምንት ቁጥር የዚህን ሳምንት ደረጃ አይሰጠኝም። ጾም ሲገባና ሲወጣ፣ ደመወዝ ሲወጣ፣ በዓል ሲቃረብ የሰዉ ሐሳብ ይቀያየራል፣ ሥዕሉ ግን ያው ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጾም ቀኖችን ለብቻ እጽፋለሁ።

ለዕቃ ፎቶ ግን ደረጃ ማውጣቱ ራሱ ብዙም እንደማያስፈልግ እህቴ አስተማረችኝ። "አለ፣ ኪሎው 400 ነው፣ ስንት ይሁንልዎ?" ብላ ትመልሳለች። ይህች አንዲት መስመር ለዋጋ ጠያቂውም፣ ለ"አለ ወይ"ውም፣ ለገዢውም ትበቃለች። ሦስቱን ለይቼ ለማወቅ መድከም አያስፈልገኝም። እኔ ሠንጠረዥ ስሠራ እሷ መልስ ሠርታ ጨርሳለች።

ደረሰኝ ላይ ግን እንዲህ ያለ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። አንዱ ሐሳብ ዕቃ ያስወጣል፣ ሌላው ብር ያስመልሳል፣ ሌላው ሞተረኛውን ያስጠይቃል። እዚያ ደረጃ ማውጣት ግድ ነው።

ኅዳር 22

ሦስት ሳምንት። ዛሬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

ያለ ቃል የመጡና በኋላ ሐሳባቸው የታወቀ ደረሰኞች 58 ናቸው። ከእነሱ 41ዱ "ላኩልኝ"፣ 12ቱ "የት ደረሰ"፣ 5ቱ "ስሕተት አለ" ነበሩ። የእህቴ "ደረሰኝ ሲመጣ ክፍያ ነው" የሚለው አነጋገር ከአሥር ሰባት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ከአሥር ሦስት ጊዜ ግን ትሳሳታለች። በርበሬ አሽጎ ለሚልክ ሰው ይህ ብዙ ነው።

ቀጥሎ በገጽ ዓይነት ለየኋቸው። ማረጋገጫ ገጽ የሆኑት 39 ናቸው፦ 35 ላኩልኝ፣ 3 የት ደረሰ፣ 1 ስሕተት። ከዝርዝር ገጽ የመጡት 19 ናቸው፦ 6 ላኩልኝ፣ 9 የት ደረሰ፣ 4 ስሕተት።

እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና "እና ዝርዝር ሲሆን የእኔ ግምት ሁለተኛ ነዋ" አለች። በትክክል። አንዲት ፍንጭ ደረጃውን ገለበጠችው። ማረጋገጫ ገጽ ሲመጣ "ላኩልኝ" ብሎ መጀመር ያስኬዳል። ዝርዝር ሲመጣ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት "የት ደረሰ" ነው፣ "ስሕተት አለ" የሚለውም ከኋላ ቀርቦ ይከተላል።

ይህን ለማወቅ ቀመር አላስፈለገኝም። ያን ዓይነት ፍንጭ ያላቸውን ብቻ ለይቶ ማውጣትና እንደገና መቁጠር ነው። ዝርዝር ሆነው የተቆረጡ፣ ዝርዝር ሆነው ሙሉ የሆኑ እያልኩ ልቀጥል ሞከርኩ። ግን እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀረ። ከሁለት ሰው ደረጃ አይወጣም፣ እዚያ ላይ አቆምኩ። ከዚያ በታች በቁጥር ሳይሆን በማሰብ ነው የምሄደው።

ኅዳር 24

ዛሬ የመጣውን ደረሰኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጽፈዋለሁ። ዘዴው የቱ ጋ እንደሚሠራና የቱ ጋ እንደሚቆም ያሳያል።

ጠዋት 4 ሰዓት ከ5። ያለ ቃል አንድ ስክሪንሾት። የክፍያ ዝርዝር ገጽ ነው። ሁለት መስመሮች አሉበት፣ ሁለቱም 1,950፣ ሁለቱም ለእኛ ሒሳብ፣ በመካከላቸው ሦስት ደቂቃ። የመጀመሪያው 3 ሰዓት ከ42፣ ሁለተኛው 3 ሰዓት ከ45። ከላይና ከታች ተቆርጧል፣ ሁለቱ መስመሮች ብቻ ቀርተዋል።

መነሻዬ የትናንት በስቲያው ቆጠራ ነው። ዝርዝር ገጽ ስለሆነ፦ የት ደረሰ 9፣ ላኩልኝ 6፣ ስሕተት አለ 4።

ከዚያ ወደ ቻቱ ሄድኩ። ትናንት ማታ ሁለት ኪሎ በርበሬ ጠይቃ፣ እኛ ዋጋና የሒሳብ ቁጥር ልከን፣ እሷ "እሺ የኔ እህት" ብላ ነው የቆመው። ክፍያው ከተፈጸመ ሃያ ደቂቃ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዕቃዬ የት ደረሰ የሚል ሰው የለም። አንደኛ የነበረው ሐሳብ ወደቀ። ከሥዕሉ አንድም ነገር ሳይሆን ከሥዕሉ በፊት የነበረው ንግግር ነው የጣለው።

ቀጥሎ አቆራረጡ። ፍላጎቷ የትናንቱን ትእዛዝ መክፈሏን ማሳየት ብቻ ቢሆን አንዱ መስመር በበቃት ነበር። እሷ ግን ሁለቱንም እንዲታዩ አድርጋ ነው የቆረጠችው። ስለዚህ ጉዳዩ ሁለት መሆናቸው ነው። "አንድ ትእዛዝ ከፍያለሁ፣ ላኩልኝ" የሚለው ወደ ታች ወረደ።

እህቴ ከጎኔ ሆና "ሁለቴ ተቆርጦባታል፣ ቶሎ እንመልስላት" አለች። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ግን ባዶዋን መስመር አየሁና ሌላ ሊሆን የሚችል ነገር ፈለግኩ። ሁለት ትእዛዝ ቢሆንስ? አንዱን ለራሷ፣ ሌላውን ለሌላ ሰው?

አሁን ፍንጮቹን በሁለቱ ላይ ሞከርኩ። የሦስት ደቂቃ ልዩነቱ? ኔትወርክ ሲቆም ደግሞ የሚሞክር ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሞክራል። ሁለት ትእዛዝ የሚከፍልም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይከፍላል። አይለይም። የብሩ እኩል መሆን? በስሕተት የተደገመ እኩል ነው፣ ሁለት ሁለት ኪሎም እኩል ነው። አይለይም። አቆራረጡ? ሁለቱም ሐሳብ ሁለቱን መስመር ይፈልጋል። አይለይም። የእኛን ሒሳብ ከፍቼ አየሁ፣ ሁለቱም ገብተዋል። ይሄ "አንዱ ከሽፎ ነው" የሚለውን አስወጣልኝ። በቀሩት በሁለቱ መካከል ግን እሱም አይለይም።

እዚህ ጋ ዘዴው አበቃ። ሁለቱ ሐሳቦች እኩል ናቸው። ግድ አንዱን አስበልጥ ብባል የማስበልጠው በስሜቴ ነው፣ በማስረጃ አይደለም። እኩል የሆኑትን እኩል ናቸው ብሎ መጻፍም ደረጃ ማውጣት ነው። ደብተሬ ላይ "1ኛ፦ ይመለስልኝ / 1ኛ፦ ሁለት ትእዛዝ" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ምን እናድርግ? አንዱ ቢሳሳት የሚያስከትለውን አሰብን። ብሩን መልሰን ሁለት ትእዛዝ ከሆነ እንደገና መክፈል አለባት፣ ሁለተኛው ዕቃም ይዘገያል። ሁለት ጥቅል ልከን በስሕተት የተደገመ ክፍያ ከሆነ ያለፈው ጥፋታችን ይደገማል። ብንጠይቅ የምናጣው ትንሽ ደቂቃ ነው። በሁለቱም ሐሳብ ሥር ግን አንድ ጥቅል መታሸጉ አይቀርም። ስለዚህ እህቴ የመጀመሪያውን ሁለት ኪሎ ማሸግ ጀመረች፣ እኔ ጻፍኩ፦

"እህታችን፣ 1,950 ብር ሁለት ጊዜ ደርሶናል። የትናንቱ ሁለት ኪሎ ዛሬ ይደርስዎታል። ሁለተኛው ክፍያ ሌላ ትእዛዝ ነው ወይስ በስሕተት የተደገመ? በስሕተት ከሆነ አሁኑኑ እንመልሳለን።"

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መለሰች። "ሌላ ነው፣ ለእናቴ ነው። አዳማ ነው ያለችው፣ ስልኳን ልላክ?"

ለአዳማ ጥቅል የምንሰጠው ከሰዓት ለሚወጣ መኪና ነው፣ ደረሰልን። ብሩን መልሰን ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይሄድም ነበር። እህቴ ስልኩን ቁጭ አድርጋ ትንሽ ቆየችና "ልመልስ ነበር እኮ" አለች።

ኅዳር 25

ስለ አጠያየቁ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄዬ "ምን ፈልገው ነው?" የሚል ነበር። አንድ አባት ተቀይመውብኛል። ልክ ናቸው፣ እንደዚያ ተብሎ ሲነበብ "ለምን ታስቸግሩኛላችሁ" ይመስላል። ደግሞም የማሰቡን ሥራ በሙሉ ለእሳቸው መልሼ መስጠቴ ነው። መጻፍ የሚከብዳቸው ስለሆነ አይደል መጀመሪያውኑ ሥዕል የላኩት? አንዳንዱ መንገድ ላይ ነው፣ አንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያውን አልለመደም፣ አንዳንዱ ሥዕሉ ሁሉን ይናገራል ብሎ ያምናል። ለእሱ ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ በጭንቅላቱ ውስጥ አለና።

ጥሩ ጥያቄ መጀመሪያ ያየነውን ይናገራል፣ ከዚያ የተረፉትን ሁለት ሐሳቦች ብቻ ያቀርባል። ሰውየው በአንዲት ቃል መመለስ ይችላል። ሦስትና አራት አማራጭ የጫንኩባቸው ጊዜ መልስ አላገኘሁም ወይም "አዎ" የሚል መጣልኝ። ለየትኛው አዎ እንደሆነ አይታወቅም።

ሁልጊዜም አንጠይቅም። ማረጋገጫ ገጽ ከሆነ፣ ያልተከፈለ ትእዛዝ ካለ፣ ብሩም በሒሳባችን ከገባ ቀጥታ እናሽጋለን። ግን ዝም ብለን አይደለም። "ክፍያው ደርሶናል፣ የትናንቱን ሁለት ኪሎ በርበሬ ዛሬ ከሰዓት እናደርሳለን" ብለን እንጽፋለን። የገመትነውን በመልሱ ውስጥ እንናገረዋለን። ተሳስተን ከሆነ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ደንበኛው ያርመናል። በኅዳር 2 ይህችን አንዲት መስመር ብንጽፍ ኖሮ ሁለተኛው በርበሬ ከቤት አይወጣም ነበር።

ደግሞ የመሆን ዕድሉና የሚቀድመው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። "ስሕተት አለ" ከ58ቱ 5 ብቻ ነው። ሆኖም ሰውየው ብሩ ወደ ሌላ ሰው ሄዶበት ከሆነ ለባንኩ ቶሎ ማመልከት ይሻለዋል፤ ብሩ ከወጣ ማስመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ የተቀባዩ ስም የእኛ መሆኑን ከሁሉም በፊት አያለሁ። ሁለት ሰከንድ ነው። ካልሆነ ሌላውን ሁሉ ትቼ እደውላለሁ።

ሥዕሉ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ከሐሳቡ ጋር መቀላቀል የለበትም። እሱን የሚመልሰው የእኛ ሒሳብ እንጂ የደረሰኙ መልክ አይደለም። ብሩ ሳይገባ ምንም አይወጣም።

ኅዳር 29

ስለ ቆጠራው አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። 58 ያልኩት ሐሳባቸው የታወቀውን ነው። ሌሎች 7 ደንበኞች ደረሰኝ ልከው፣ ዕቃ ወስደው፣ ከዚያ ምንም አላሉም። እነሱን "ላኩልኝ" ብዬ ልቆጥራቸው አስቤ ነበር፤ አልተቃወሙማ። ግን ዝምታ መስማማት ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ? አንዷ ከዚያ በኋላ ቻናላችንን ለቃለች። ሰባቱንም "አልታወቀም" በሚል ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ሰባቱም "የት ደረሰ" ቢሆኑ 12ቱ 19 ይሆናሉ፣ ያ ደግሞ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ቴሌግራም ላይ በፎቶ የተላከ ሥዕል የመጀመሪያ የፋይል ስሙን አያመጣም፣ ጥራቱም ይቀንሳል። በፋይል ከተላከ ግን ስሙ እንዳለ ይመጣል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስሙ ውስጥ የተነሳበት ቀንና ሰዓት አለ። ጥሩ ፍንጭ ነበር፣ ግን በፋይል የላከልን አንድ ሰው ብቻ ነው። ተውኩት።

ታኅሣሥ 3

ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርቶን ለጠፍን። በእህቴ እጅ ነው የተጻፈው።

ተቀባዩ እኛ ነን? ብሩ ገብቷል? የትኛው ገጽ ነው? መጨረሻ ምን ተባባልን? ምን ቆርጦ ምን አስቀረ? ሌላ ሐሳብ ቢሆንስ እንዲሁ ይታይ ነበር? አንድ ከቀረ፣ የገመትነውን ጽፈን እናሽግ። ሁለት ከቀሩ፣ ሁለቱን ጽፈን እንጠይቅ።

የሞተሩ ልጅም አንብቦት የራሱን ጨመረበት፦ "ዘበኛ ጋ ከተቀመጠ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።" እህቴ "ከስሩም ጻፍበት፣ የማን እንደሆነና የት እንዳስቀመጥከው" አለችው።

ዛሬ ከሰዓት የመጀመሪያው ደረሰ። የአንድ በር ፎቶ፣ አንድ ቢጫ ፌስታል፣ ከስሩ "የወይዘሮዋ ሁለት ኪሎ፣ ዘበኛው ተቀብለዋል፣ 9 ሰዓት ከሩብ።"